ምስጋናው ለእርማቱ ሲሠራ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። መምህር የተማሪን ድርሰት አንብቦ በኅዳጉና በግርጌው ላይ ስለሚጽፋቸው ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች። ስለ ድርሰት አጻጻፍ ስልት አላወራም፤ ስለ ማርክ አሰጣጥም ከሚያስፈልገው በላይ አልሄድም። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጽፋዋለች የምንለውን አንድ አንቀጽ እዚህ ፊታችን አስቀምጠን፣ ምን ብለን ብንጽፍላት ያንኑ አንቀጽ አሻሽላ መጻፍ እንደምትችል አብረን እንይ።

አንቀጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የአንድ ልጅ ሥራ አይደለም፤ በብዙ ደብተሮች ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ጠባዮችን የሰበሰብኩበት ነው። ርእሱ «የሰፈራችን ወፍጮ ቤት» ይላል። ቀስ ብዬ ላንብበው።

«ወፍጮ ቤት ለሰው ልጅ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። በአሁኑ ዘመን ወፍጮ ቤት የሌለበት ቦታ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ጤፍ ተሸክመን ወፍጮ ቤት ሄደን ወረፋ ይዘን ብዙ ሰዎች ቆመው አየሁና ወፍጮው ሲነሳ መሬቱ በእግሬ ስር ይንቀጠቀጥ ነበር ባለወፍጮው ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ሽማግሌ ይመስላል ግን ወጣት ነው እናቴም ዱቄቱ በእጇ ዳስሳ ገና ሙቅ ነው ብላ ጆንያውን ሳታስር ጠበቀች። መብራት ሲጠፋ ሰዎች እህላቸውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ወፍጮ ቤት በጣም ጠቃሚ ስለሆነ ልንከባከበው ይገባል።»

ይህ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት እርማት አንዱ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው በግርጌው ላይ «ጥሩ ሙከራ ነው፤ ነገር ግን ሥርዓተ ነጥብ ላይ ትኩረት አድርጊ» የሚል መስመርና ከጎኑ 6/10 ነው። ሁለተኛው ቀይ እስክሪፕቶ ይዞ መስመር በመስመር መሄድ ነው፤ «ስር» የሚለው «ሥር» ይሆናል፣ «ዱቄቱ» ላይ «ን» ይጨመራል፣ «ይዞ ይመለሳል» ተሰርዞ «ይዘው ይመለሳሉ» ይጻፋል፣ አራት ነጥቦች በየቦታው ይገባሉ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይሰረዛሉ። መምህሩ ደክሟል፣ ወረቀቱም ቀልቷል።

የመጀመሪያውን ተማሪዋ ቤቷ ወስዳ ብታነበው ምን ታደርግበታለች? «ጥሩ» የተባለው የትኛው መስመር እንደሆነ አልተነገራትም። ስለዚህ ያን ጥሩ ነገር በሚቀጥለው ድርሰቷ ልትደግመው አትችልም። ሥርዓተ ነጥብ የጎደለው የት እንደሆነም አልተነገራትም። ብታውቀው ኖሮ መጀመሪያውኑ ባስገባችው ነበር። አስተያየቱ ምስጋናም እርማትም አለው፤ በሚዛን ቢለካ እኩል ነው። ሆኖም ከሁለቱ አንዱም ወረቀቱን አልነካም። ድርሰቱን ያላነበበ ሰውም ያንኑ ሊጽፍ ይችል ነበር፤ ልጆች ደግሞ ይህን ቶሎ ይነቁበታል።

ሁለተኛው ከልብ የተደከመበት ስለሆነ አከብረዋለሁ። ችግሩ ሥራውን ሁሉ መምህሩ መሥራቱ ነው። ተማሪዋ የሚቀራት መገልበጥ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ «ስር» በሚለው ፊደል ላይ የወደቀው ቀይ ቀለምና በዚያ ረጅም ዐረፍተ ነገር ላይ የወደቀው ቀይ ቀለም ለዓይኗ እኩል ናቸው። አንዱ የፊደል ምርጫ ነው፤ ሌላው አንባቢ የሚጠፋበት ቦታ ነው። የትኛው እንደሚብስ የሚነግራት ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

ታዲያ ምን እንጻፍ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ምስጋናው ተማሪዋን ለማለስለስ የሚጻፍ መሆን የለበትም። ምስጋናው መሆን ያለበት የእርማቱ መለኪያ ነው። ተማሪዋ በራሷ እጅ በትክክል የሠራችውን መስመር ፈልገን እናገኛለን፣ ለምን እንደሠራ እንነግራታለን፣ ከዚያ ያልሠራውን መስመር በዚያው እንድታስተካክል እንልካታለን። ሚዛን የምንለው ነገር የሚገኘው በዚህ ግንኙነት ነው። ሁለት ምስጋና ጽፎ ሁለት እርማት በማስከተል አይገኝም።

አሁን ወደ አንቀጹ እንመለስ። መጀመሪያ እስክሪፕቶ ሳንይዝ እስከ መጨረሻው እናንብበው፤ ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንብበን ስንጨርስ ምን ቀረን? ለእኔ የቀረችልኝ እናትየዋ ናት። ዱቄቱን ዳስሳ፣ ገና ሙቅ መሆኑን አውቃ፣ ጆንያውን ሳታስር ትጠብቃለች። ወፍጮ ቤት ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ዱቄት በትኩስነቱ ከታፈነ እርጥበት ይዞ ይበላሻል። ልጅቱ ግን አላብራራችውም፤ እናቷ ስታደርገው አይታ ጻፈችው። ድርሰቱ ውስጥ ወፍጮ ቤቱ በእውነት የሚታይበት ቦታ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህች መስመር ሌላም ነገር አላት። ግሦቹን እንቁጠራቸው፤ ዳስሳ፣ ብላ፣ ሳታስር፣ ጠበቀች። አራቱም የአንድ ሰው ሥራዎች ናቸው። ሦስቱ ሳይቋጩ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ፣ አራተኛው ይዘጋቸዋል። አማርኛ እንዲህ ያለውን ረጅም ሰንሰለት በደስታ ይሸከማል፤ የሚሠራውም ባለቤቱ አንድ ሆኖ ሲዘልቅ ነው። አሁን ከፊቱ ያለውን እንመልከት። «ተሸክመን፣ ሄደን፣ ይዘን» ሲል ባለቤቱ እኛ ነው። «አየሁና» ሲል እኔ ሆነ። «ይንቀጠቀጥ ነበር» ሲል መሬቱ ሆነ። «ይመስላል» ሲል ባለወፍጮው መጣ። ከዚያ እናቴ። በአንድ አራት ነጥብ ውስጥ አምስት ባለቤቶች ተፈራረቁ። «ይዘን» ብሎ የተንጠለጠለው ግሥ የሚያሳርፈው አላገኘም፤ አንባቢው የእኛን መጨረሻ ሲጠብቅ እኔ ከተፍ ይላል።

«ሥርዓተ ነጥብ ላይ ትኩረት አድርጊ» የሚለው አስተያየት የሳተው ይህን ነው። ልጅቱ አራት ነጥብ ማድረግ ረስታ አይደለም። የት ማቆም እንዳለባት የምታውቅበት ምልክት ስላልነበራት ነው። ምልክቱ የባለቤቱ መለወጥ ነው፤ ይህንንም በእናቷ መስመር ላይ ሳታውቀው በትክክል ሠርታዋለች። እንግዲህ የምናመሰግናት መስመርና የምናርማት መስመር ተገናኙ ማለት ነው።

እኔ ብሆን በወረቀቱ ላይ የምጽፈው እንዲህ ነው። በእናቷ መስመር አጠገብ፤

«እናትሽ ዱቄቱ እስኪበርድ ጆንያውን እንዳላሰረች ጽፈሻል። ወፍጮ ቤቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ዳስሳ፣ ብላ፣ ሳታስር፣ ጠበቀች፤ አራቱም የእናትሽ ሥራዎች ስለሆኑ ሳልደናገር ተከተልኩሽ።»

ረጅሙ ዐረፍተ ነገር በሚጀምርበት ቦታ፤

«ከዚህ ጀምሮ እናትሽ እስክትመጣ ድረስ ማን ምን እንዳደረገ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። በእያንዳንዱ ግሥ ሥር አስምሪና አድራጊው ማን እንደሆነ ከላዩ ጻፊ። አድራጊው በሚለወጥበት ቦታ አራት ነጥብ አድርገሽ እንደ አዲስ ጀምሪ። የእናትሽን መስመር እንደጻፍሽው ማለት ነው።»

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አጠገብ፤

«ይህ ስለ የትኛውም ሰፈር ወፍጮ ቤት ሊባል ይችላል። በዚያ ቅዳሜ ካየሽውና ከሰማሽው ነገር በየትኛው ብትጀምሪ የእናንተን ሰፈር አየዋለሁ?»

ከዚህ ሌላ የምጨምረው ሁለት ትንንሽ ነጥቦችን ነው። አንዷን «ዱቄቱ በእጇ» ባለበት መስመር ኅዳግ፣ ሌላዋን «ይዞ ይመለሳል» ባለበት መስመር ኅዳግ ላይ አደርጋለሁ፤ ስሕተቱ ምን እንደሆነ ግን አልጽፍም። በግርጌው፤ «ነጥብ ባደረግሁባቸው ሁለት መስመሮች አንዳንድ ስሕተት አለ፤ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢያቸውና ፈልጊ። ድርሰቱን በእነዚህ አስተያየቶች መሠረት እንደገና ጽፈሽ ዐርብ አምጪልኝ። ማርኩን የምሰጠው ያን ጊዜ ነው።»

«ስር» የሚለውን አልነካሁትም። መደምደሚያውንም አልነካሁትም፤ መግቢያዋን ካስተካከለች «ልንከባከበው ይገባል» የሚለው ለራሷም ሊጎረብጣት ይችላል፤ ካልጎረበጣት ለሚቀጥለው ድርሰት ይቆያል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዋና ጉዳይ በቂ ነው እላለሁ። መምህር ያየውን ስሕተት ሳያርም ማለፍ ይከብደዋል፤ ወላጅ አይቶ «መምህሩ ይህን አላየውም?» እንዳይል መፍራትም አለ። ለዚህ መድኃኒቱ በግርጌው «በዚህ ጊዜ ያረምኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። ወላጆች፣ እናንተም እንዲህ ያለ ወረቀት ቤት ሲመጣ በልጃችሁ ፋንታ የቀረውን አታርሙባት።

ስለ ነጥቦቹ ትንሽ ልናገር። ይህን አሠራር በጽሑፍ ያስተዋወቀው ሪቻርድ ሀስዌል የተባለ አሜሪካዊ የድርሰት መምህር ነው፤ በ1983 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። የኮሌጅ ተማሪዎቹ ወረቀት ላይ የፊደል፣ የሥርዓተ ነጥብና የሰዋስው ግድፈት ባለበት መስመር ኅዳግ ላይ ምልክት ብቻ እያደረገ ይመልስላቸው ነበር። ተማሪዎቹም ከግድፈቶቻቸው ስድሳ በመቶ ያህሉን ራሳቸው አግኝተው አረሙ። ይህ የሚነግረን ተማሪ ወረቀት ላይ ካለው ስሕተት ብዙው ሕጉን ካለማወቅ የመጣ አለመሆኑን ነው። እሱ ይጠቀምበት የነበረው ምልክት ግን እኛ ክፍል ውስጥ ራይት የምንለው ነው፤ እዚህ ራይት ማለት ትክክል ማለት ስለሆነ ለእኛ ተማሪዎች ግራ ያጋባል። ስለዚህ ነጥብ ይሻለናል።

ነጥብ ለሁሉም ስሕተት እንደማይሆን ግን ልብ እንበል። «ሰዎች ይዞ ይመለሳል» የሚለውን ተማሪዋ ጮክ ብላ ስታነበው ጆሮዋ ይነግራታል፤ አፍ የፈታችበት ቋንቋ ነውና። የባለቤት መፈራረቁን ግን ጆሮዋ አይነግራትም። ስናወራ ትንፋሽ በመውሰድና ድምፅ በመለወጥ የምናሳየው ነገር ስለሆነ፣ ጮክ ብላ ብታነበው እንዲያውም ትክክል ሊመስላት ይችላል። እዚያ ላይ በቃል ማስረዳት የግድ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ ከሆነ ደግሞ የ«ን» መጉደልና የነጠላና የብዙ አለመስማማትም ጆሮ የሚይዛቸው ላይሆኑ ይችላሉና፣ ለእሱ ነጥቡ ብቻውን በቂ አይደለም፤ አንዱን አርመን በማሳየት ሁለተኛውን እሱ እንዲፈልግ እናደርጋለን።

ማርኩን ለምን አዘገየሁት? ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በእስራኤል የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን በሥራው ላይ የተጻፈ አስተያየት ብቻ አገኘ፣ አንዱ ማርክ ብቻ፣ አንዱ ደግሞ ሁለቱንም። ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ታተመ። በሚቀጥለው ሥራቸው የተሻሉትና ፍላጎታቸው የቆየው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ከእነሱ ዝቅ ብለው ተገኙ፤ ማርኩ ባለበት አስተያየቱ የጠቀማቸው አልመሰለም። የተሰጧቸው ሥራዎች ድርሰት ስላልነበሩ ሁሉን ነገር ወደ ድርሰት ማዞር አይቻልም። ሆኖም ወረቀት ሲመለስ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ «ስንት አገኘሽ?» የሚለው ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ኅዳጉን የሚያነብ የለም። እኛ ማርክ ሊስት መሙላት ግዴታችን ነው። ማርኩን በራሳችን ደብተር ይዘን፣ ወረቀቱን በአስተያየት ብቻ መልሰን፣ ሁለተኛው ረቂቅ ሲመጣ መጻፍ ግን ማንም አይከለክለንም።

አሁን ሁለተኛው ረቂቅ መጣ እንበል። አስተያየታችን መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አጀማመሩ እንዲህ ይላል፤

«መሬቱ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከእናቴ ጋር ጤፍ ተሸክመን ወፍጮ ቤት ደርሰን ወረፋ ይዘናል። ባለወፍጮው ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ሽማግሌ ይመስላል። ወጣት መሆኑን ያወቅሁት ሲስቅ ነው። እናቴም ዱቄቱን በእጇ ዳስሳ ገና ሙቅ ነው ብላ ጆንያውን ሳታስር ጠበቀች።»

አራት ነጥቦቹ በቦታቸው ናቸው። «ዱቄቱን» አግኝታዋለች። «ሥር» የሚለውንም ማንም ሳይነግራት አርማዋለች። እኔ ዓይኔን የምጥለው ግን «ወጣት መሆኑን ያወቅሁት ሲስቅ ነው» በሚለው ላይ ነው። ይህን አልጠየቅኋትም። መጀመሪያ «ግን ወጣት ነው» ብላ ያለፈችውን ተመልሳ ሄዳ፣ እንዴት እንዳወቀች ፈልጋ አመጣችው። በእናቷ መስመር ላይ የተመሰገነችበትን ነገር፣ ያየችውን መጻፍን፣ ሌላ ቦታ ላይ ሠራችበት። ሁለተኛ ረቂቅ ስናነብ እኛ ያልነካነው ቦታ ላይ ምን እንደተለወጠ እንፈልግ። የተለወጡት እኛ የነካናቸው ብቻ ከሆኑ ልጅቱ ታዝዛለች እንጂ አስተያየቱ አልገባትም፤ በሚቀጥለው ድርሰትም ያንኑ ረጅም ዐረፍተ ነገር እናገኘዋለን። እንዲህ ሲሆን ያንኑ አስተያየት ጠንከር አድርጎ መድገም አይረዳም። ልጅቱን ጠርቶ የጻፍነውን በራሷ ቃል እንድትነግረን መጠየቅ ይረዳል፤ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያልገባት የቱ ቃል እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

የምናመሰግነው ነገር ብናጣስ? ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ እንደያዛችሁ አውቃለሁ። የሌለ ምስጋና አንፍጠር። «የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» ብሎ ድርሰትን ማመስገን ለልጁ ድርሰቱ ከንቱ መሆኑን መንገር ነው፤ እሱም ይገባዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም ሰው የሚለውን ብቻ የያዘ ወረቀት ሲያጋጥም እኔ የምፈልገው ልጁ ሳያስበው የራሱን ነገር ያስገባበትን አንድ ቃል ነው፤ የሰፈር ስም፣ አንድ ዕቃ፣ የአያቱን መጥራት። እዚያ ላይ «ይህን ከየት አመጣኸው? አያትህ በዚያን ጊዜ ምን ይሉ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ምስጋና አይደለም፤ ልጁ ሊያውቅ የሚችለውን ነገር የማወቅ ፍላጎት ነው፤ ሁለተኛው ረቂቅ ደግሞ የምናመሰግነውን ነገር ይዞ ይመጣል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ በሌላኛው ጫፍ ያለው ልጅ ነው። ጎበዙ። ወረቀቱ ላይ «ጎበዝ! በርታ!» ተጽፎ 10/10 ይዞ ይሄዳል፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል እርማት አያገኝም። «ጎበዝ» የሚለው ስለ ልጁ የተነገረ እንጂ ስለ ጽሑፉ የተነገረ አይደለም፤ በምን እንደጎበዘ አልነገረውም። እንዲያውም የተወደደለትን ላለማጣት በዚያው መንገድ ብቻ እየተመላለሰ ሲጽፍ እናየዋለን፤ ቃላት ያሳምራል፣ ተረትና ምሳሌ ይደረድራል፣ አዲስ ነገር አይሞክርም። ለእሱም መስመሩን ጠቅሰን ማመስገን፣ በዚያው መለኪያ የደከመበትን ማሳየት ይገባናል። «ሦስተኛው አንቀጽህ አንድ ነገር አሳይቶ ዝም ይላል፤ ጠንካራ ነው። አራተኛው ግን ያንኑ በሌላ ቃል ይደግመዋል። ብታወጣው ምን ይጎድላል?» ጎበዝ ልጅ እንዲህ ያለውን እርማት እንደ አክብሮት ነው የሚቀበለው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ጊዜ። በአንድ ክፍል ሃምሳ አምስት ተማሪ አለ እንበል፤ ለእያንዳንዱ ድርሰት አምስት ደቂቃ ብንሰጥ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ አራት ክፍል የሚያስተምር መምህር ከአሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ይህን በየሳምንቱ አድርጉ ብል ውሸቴን ነው። የሚቻለው ማፈራረቅ ነው። በአንድ ዙር ከእያንዳንዱ ክፍል ለአሥራ አራት ተማሪዎች እንደ ወፍጮ ቤቱ ያለ ሙሉ አስተያየት እንጽፋለን። ለቀሩት ነጥብ ብቻ እናደርጋለን፤ ከእያንዳንዳቸው ወረቀት ደግሞ የሠራውን አንድ መስመር እናሰምርበታለን። በአራት ድርሰት ውስጥ ሁሉም ይዳረሳል። ለማን ምን እንደጻፍን በአንድ ደብተር ላይ በአንዲት መስመር መያዝም ያስፈልጋል፤ «ወፍጮ ቤት፣ የባለቤት መፈራረቅ፣ የእናት መስመር» ብንል በቂ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የዚያችን ልጅ ወረቀት ስናነሳ ከዚያ እንጀምራለን።

ስትገቡ ከታደላችሁ ሁለት ወረቀት አንደኛው ይህ አንቀጽ ነው። ሁለተኛው «አውቶቡስ ተራ» የሚል ያልታረመ ድርሰት ነው። ከሻይ እረፍት በኋላ ሁለት ሁለት ሆናችሁ መጀመሪያ እስክሪፕቶ ሳትይዙ አንብቡት፤ ከዚያ የሠራውን መስመር ምረጡ፤ በእሱ መለኪያ የምታርሙትን አንድ ቦታ ብቻ ወስናችሁ በኅዳጉ ላይ ጻፉ። የጻፋችሁትን ጮክ ብለን እናነባለን፤ ተማሪው ዐርብ ምን ይዞ እንደሚመጣ በእያንዳንዱ አስተያየት ላይ እንነጋገራለን።